የአንድ ወር የፖስት ካላንደር ለትንሽ ምግብ ቤት፦ ምግቡ፣ ጓዳውና ቅናሹ እንዳይጋፉ

የአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገጽ ስይዝ የሠራሁት ስህተት እስካሁን ትዝ ይለኛል። ዓርብ ከሰዓት ነው። ከምድጃ ገና የወጣ፣ አይቡ ላዩ ላይ የሚንተከተክ ላዛኛ ቀርጬ ለቀቅኩ። ቪዲዮው በደንብ ታየ፤ ማታ ቤቱ ጢም አለ። እኔም ደስ አለኝ። ችግሩ ምድጃው በአንድ ጊዜ የሚይዘው አራት ሳህን ብቻ መሆኑ ነው፤ አንዱ ዙር ደግሞ 25 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ ዘጠነኛው ላዛኛ ያዘዘ ሰው ሦስተኛው ዙር ላይ ደረሰ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቀ ማለት ነው። በማግስቱ ገጹ ላይ የተጻፈውን አስተያየት ባላነበው ይሻለኝ ነበር።

ቪዲዮው ምንም አልጎደለውም፤ ቀኑን ነው የሳትኩት። ያው ላዛኛ ሰኞ ተለቆ ሰው ማክሰኞ ማታ ቢመጣ፣ ወጥ ቤቱ ሥራ ፈትቶ በሚቀመጥበት ሰዓት፣ ማንም አይጠብቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ የፖስት ካላንደር ስሠራ መጀመሪያ የማነጋግረው ሼፉንና ካሸሯን ነው። ስልኩ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው። ቀጥሎ ያለው አሠራር አሥር ጠረጴዛ ገደማ ላላት፣ ገጹን የሚይዝ የተለየ ሠራተኛ ለሌላት ቤት የሚሆን ነው።

1. ከካሸሯ ሁለት ነገር ውሰዱ

ያለፉት አራት ሳምንታት ሽያጭ ያስፈልጋችኋል። ማሽን ካላችሁ ከማሽኑ፣ ከሌላችሁ ከደረሰኝ ጥራዙ።

የመጀመሪያው ቁጥር በየቀኑ ስንት ዋና ምግብ እንደወጣ ነው፤ ምሳና እራት ተለይቶ። ገንዘቡን ሳይሆን ሳህኑን ቁጠሩ። ገንዘብ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ በመጣ ቁጥር ይዘላል፣ ሳህን ግን ቤቱ ምን ያህል እንደሠራ በትክክል ይናገራል። አራቱን ማክሰኞ ደምራችሁ ለአራት ስታካፍሉ የማክሰኞን አማካይ ታገኛላችሁ። ለሌሎቹም ቀናት እንዲሁ። ብዙ ቤት ውስጥ ሁለት የሞቱ ማታዎች ቁልጭ ብለው ይወጣሉ።

ሁለተኛው ቁጥር እያንዳንዱ ምግብ ስንት እንደተሸጠና ጥሬ ዕቃው ስንት እንደሚፈጅ ነው። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የምትፈልጉት ትርፉ ጥሩ ሆኖ ሽያጩ ዝቅ ያለውን ምግብ ነው። በጣም የሚሸጠው ምግብ ራሱን ይሸጣል፤ በወር አንዴ ብታሳዩት ይበቃዋል። ሰው የማያውቀው፣ አንዴ የቀመሰው ግን ደግሞ የሚያዘው ምግብ ነው ፖስት የሚያስፈልገው።

ከዚያ ዝርዝሩን ይዛችሁ ሼፉ ዘንድ ግቡና በየምግቡ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥር ሰው ይህን ቢያዝ ምን ይፈጠራል?» ሼፉ ፊቱን ካጨማደደ፣ ያ ምግብ አጠገብ «ዓርብና ቅዳሜ አይወጣም» ብላችሁ ጻፉ። ይህች አንዲት ጥያቄ እኔን ከላዛኛው ታድነኝ ነበር።

2. በወር ስንት? ከየትኛው ስንት?

በሳምንት አራት፣ በወር 16 ፖስት። ስቶሪ ከዚህ ውጪ ነው፤ በ24 ሰዓት ስለሚጠፋ ካላንደር ውስጥ አታስገቡት። «በየቀኑ መልቀቅ አለብህ» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፣ ካሜራ የሚይዝ ሰው ቀጥራችሁ ከሆነ። አስተናጋጇ ወይም ባለቤቱ ራሱ በትርፍ ሰዓቱ የሚይዘው ገጽ ግን በየቀኑ ተብሎ ሲጀመር በሁለተኛው ሳምንት ቀጥ ይላል። አራት ግን ይዘልቃል።

16ቱን እኔ የምከፍለው ዘጠኝ የምግብ፣ አምስት የጓዳ፣ ሁለት የቅናሽ አድርጌ ነው። የጓዳ የምለው ምግቡ ሳህን ላይ ከመውጣቱ በፊት ያለውን ነው፦ ሊጡን፣ ዕቃ ሲራገፍ፣ ሼፉ መረቅ ሲቀምስ። ቅናሹ ሁለት ብቻ መሆኑ ያሳስባችሁ ይሆናል። በጣም ቢበዛ ሦስት። ከዚያ በላይ ሲሆን ሰው ሳይታወቀው ይለምዳል፤ ምግቡን በሙሉ ዋጋ መብላት ሞኝነት ይመስለውና የሚቀጥለውን ቅናሽ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

3. ቅናሹን መጀመሪያ አስቀምጡ

ካላንደሩ ላይ መጀመሪያ የሚሰፍሩት ሁለቱ የቅናሽ ፖስቶች ናቸው፤ ቀን የማይመርጡት ሌሎቹ ናቸውና። ቅናሽ የሚወጣው ለሞተ ማታ ነው። ቅዳሜ ማታ በሙሉ ዋጋ የሚሞላን ጠረጴዛ በቅናሽ መሙላት የራስን ኪስ ማውለቅ ነው።

የወሩንም ወቅት እዩ። ደንበኞቻችሁ በአብዛኛው የወር ደመወዝተኞች ከሆኑ፣ ደመወዝ በወጣ ሰሞን ቅናሽ አያስፈልጋችሁም፤ ኪስ ሲሳሳ ነው የሚያስፈልገው። ደመወዝ በወሩ መጨረሻ የሚወጣ ከሆነ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት ይመረጣሉ። እኔ በሁለቱም ሳምንት አንድ ዓይነት ቅናሽ በተመሳሳይ ቀን አወጣለሁ። ሁለት የተለያየ ነገር ካወጣሁ የትኛው እንደሠራ አላውቅም።

አሁን ዋናው ነገር፦ ምን ዓይነት ቅናሽ? እዚህ ጋ እርሳስ ያዙ።

ምግቡ 100 ይሸጣል እንበል፤ ጥሬ ዕቃው 35 ይፈጃል። ከአንድ ሳህን 65 ይተርፋችኋል። 20 በመቶ ስትቀንሱ ዋጋው 80 ይሆናል፤ ጥሬ ዕቃው ግን ያው 35 ነው። የሚተርፈው 45። የቀነሳችሁት ዋጋ አንድ አምስተኛ ነው፣ ከእጃችሁ የሄደው ግን ከሚተርፋችሁ ወደ ሦስተኛ የሚጠጋ ነው። የበፊቱን ያህል ለማግኘት 65ን ለ45 አካፍሉ፤ 1.44 ይመጣል። 44 በመቶ ተጨማሪ ሳህን ካልሸጣችሁ፣ ቤቱ ሞልቶም ከስራችኋል።

ሌላው መንገድ ምርቃት ነው። ዋጋውን አትነኩም፤ ዋና ምግብ ላዘዘ ሁሉ አንድ ቁራጭ ኬክ ትመርቃላችሁ። ኬኩ ለእናንተ የሚፈጀው 8 ነው እንበል። 65 ሲቀነስ 8፣ 57 ይተርፋል። 65 ለ57 ሲካፈል 1.14። 14 በመቶ ብቻ ተጨማሪ ከሸጣችሁ ወጪያችሁን መለሳችሁ። ለደንበኛው ደግሞ ኬኩ ሜኑ ላይ በተጻፈበት ዋጋ ነው የሚታየው፤ የ8 ስጦታ እንደተሰጠው አይቆጥርም። ስለዚህ እኔ ሁሌ ምርቃቱን ነው የምመርጠው። ዋጋ መቀነስ የምቀበለው ሊበላሽ የደረሰ ዕቃ ሲኖር ብቻ ነው፤ እሱም ስቶሪ ላይ ወጥቶ በማግስቱ ስለሚጠፋ ካላንደር ውስጥ አይገባም።

ቁጥሩን በራሳችሁ ዋጋ ተክታችሁ ሥሩት። ጥሬ ዕቃው ከዋጋው ትልቁን ድርሻ በያዘ ቁጥር ዋጋ መቀነስ ይበልጥ ይጎዳል።

4. ጓዳውን ከምግቡ ጋር አቆራኙ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የጓዳ ፖስት ብቻውን ሲወጣ ደስ ይላል፣ ላይክ ያገኛል፣ ያልፋል። ከምግቡ በፊት ሲወጣ ግን ያስጎመጃል። ረቡዕ ዓሣው ሲጸዳ ያየ ሰው፣ ዓርብ ያው ዓሣ ተጠብሶ ሳህን ላይ ሲያየው ትኩስ መሆኑን ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ስለዚህ የጓዳውን ፖስት ከምግቡ ሁለት ቀን አስቀድሙት፤ ከዚያ ካራቃችሁት ሰው ይረሳዋል።

ካላንደሩ ላይ ለጓዳ ፖስት «ከጓዳ አንድ ነገር» ብላችሁ አትጻፉ። እንዲህ የተጻፈ ቀን ሲደርስ ሁሌም የሽንኩርት ክትፈት ይሆናል። ድርጊቱንና ሰዓቱን ጻፉ፦ «ሊጥ ሲቦካ፣ ማክሰኞ ማለዳ፣ በር ከመከፈቱ በፊት»። ጓዳ ቀጠሮ አይጠብቅም። ዕቃ የሚራገፈው በሳምንት አንዴ ከሆነ፣ ያንን ሰዓት ካመለጣችሁ ሳምንት መጠበቅ ነው።

ከመልቀቃችሁ በፊት ቪዲዮውን ምግቡን ሳትመለከቱ አንዴ እዩት። ዙሪያውን ብቻ። ክዳኑ የተከፈተ የቆሻሻ ባልዲ፣ የጠቆረ መጥረጊያ ጨርቅ፣ ጥሬ ሥጋ ከሰላጣ ጎን፣ ያልተሸፈነ ፀጉር። እናንተ በየቀኑ ስለምታዩት አይታያችሁም፤ ደንበኛ ግን ከሁሉ በፊት የሚያየው እሱን ነው። ፊቱ የሚታይ ሠራተኛ ካለ አስቀድማችሁ ፈቃዱን ጠይቁት፤ እምቢ ካለ እጁን ብቻ ቅረጹ። እንዲያውም እጅ ብቻ የሚታይበት ቪዲዮ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። የደንበኛ ፊት ሳይጠየቅ አይወጣም።

5. የተሞላ ወር

አሁን አንድ ወር እንሙላ። ማክሰኞና ረቡዕ ማታ የሚሞትባት፣ ዓርብና ቅዳሜ የምትሞላ ቤት እንውሰድ። የፖስት ቀናቱ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና እሑድ ይሁኑ። ጎልቶ እንዲሸጥ የተፈለገው ምግብ በአትክልት የሚቀርብ የተጠበሰ ዓሣ ነው፤ ትርፉ ጥሩ ነው፣ ግን ሰው አያውቀውም። ሌሎቹ የአትክልት ሾርባ፣ ሩዝ በዶሮ፣ ላዛኛና ኬክ ናቸው።

በመጀመሪያው ሳምንት ቅናሽ የለም። ሰኞ ሾርባው ይወጣል፤ ረቡዕ ዓሣው ሲጸዳ፤ ዓርብ የተጠበሰው ዓሣ፤ እሑድ ሩዝ በዶሮ። ዓርብ ዓሣ መውጣቱን ልብ በሉ፤ ቤቱ የሚሞላበት ቀን ቢሆንም ዓሣ መጥበሻ ላይ ቶሎ ስለሚደርስ ወጥ ቤቱን አያንቅም።

በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ምርቃቱ ይታወጃል፤ የሚሠራው ማክሰኞና ረቡዕ ማታ ነው። ለምን በዋዜማው? ከሦስት ቀን በፊት ያየ ሰው ይረሳዋል፤ በዕለቱ ማታ ያየ ሰው ደግሞ እራቱን ወስኗል። ረቡዕ ኬኩ ሲጋገር ከጓዳ ይወጣል፤ የዚያኑ ማታ ስለሚመረቅ ፖስቱ ሁለት ሥራ ይሠራል። ሁለት ቀን ጠብቁ ያልኩት እዚህ አይሠራም፤ ኬኩን ያየ ሰው የዚያኑ ዕለት እንዲመጣ ነው የምንፈልገው። ዓርብ ኬኩ ራሱ፣ ከቡና ጋር። እሑድ ዓሣው በሌላ ፎቶ።

ሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ምርቃቱ ይደገማል፣ «በዚህ ወር ለመጨረሻ ጊዜ» ተብሎ። የምር የመጨረሻ ይሁን። ረቡዕ ሾርባ በሌላ ፎቶ። ዓርብ የሩዙ ቅመም ሲቆላ ከጓዳ፤ እሑድ ሩዝ በዶሮ።

አራተኛው ሳምንት እንደገና ያለ ቅናሽ ነው፣ ሆን ተብሎ። ሰኞ ላዛኛው ሲደረደር ከጓዳ፤ ረቡዕ ጠዋት ላዛኛው ከምድጃ ሲወጣ፤ ያየው ሰው ለረቡዕ ማታ ይደርሳል። ዓርብ ዓሣው ለሦስተኛ ጊዜ፤ እሑድ ደግሞ ሠራተኞቹ በር ከተዘጋ በኋላ አብረው ሲበሉ። ከወሩ ውስጥ ምንም የማይሸጠው ፖስት ይህ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሰው ከሁሉ የሚያጋራው እሱን ነው።

ቁጠሩት፦ ዘጠኝ የምግብ፣ አምስት የጓዳ፣ ሁለት የቅናሽ። ካላንደሩን ጎግል ሺት ላይ የምትይዙ ከሆነ ዓይነቱን ሦስተኛው አምድ ላይ ጻፉና ባዶ ቦታ ላይ ይህችን ቀመር አስገቡ፤ ለምግብና ለጓዳም ቃሉን ብቻ ቀይራችሁ ድገሙት። አንዱን ፖስት በሌላ ዓይነት ስትተኩ ሚዛኑ ሲዛባ ወዲያው ታያላችሁ።

```
=COUNTIF(C2:C17,"ቅናሽ")
```

ከቀን፣ ከምግብና ከዓይነት ሌላ ሁለት አምድ ብቻ ጨምሩ፦ «ፎቶ አለ?» እና «ሼፉ አይቶታል?»። እኔ 12 አምድ ያለው ካላንደር ሠርቼ አውቃለሁ። የሞላው ማንም አልነበረም።

6. የምግብ ፎቶውን በአንድ ከሰዓት ጨርሱ

ዘጠኙ የምግብ ፖስቶች አምስት ምግቦች ናቸው፤ የሚደጋገሙትን ከሌላ አቅጣጫ ነው የምታሳዩት። ስለዚህ ምሳ አልፎ እራት ሳይጀምር ባሉት ሁለት ሰዓታት ይጠናቀቃሉ። ጠረጴዛውን መስኮት አጠገብ አቅርቡና የጣራውን መብራት አጥፉ። የመስኮትና የአምፖል ብርሃን ሲደባለቅ ግማሹ ሳህን ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል፤ በኋላ ማስተካከያውም አያድነውም።

ከእያንዳንዱ ምግብ አራት ነገር ውሰዱ፦ ከላይ ቀጥ ብሎ፣ ተቀምጦ ከሚበላ ሰው ዓይን አንጻር፣ በጣም ቀርቦ፣ እና እጅ የሚንቀሳቀስበት ከ10 እስከ 15 ሰከንድ የሆነ ቪዲዮ በቁመት። ሾርባ ከላይ ሲነሳ የሚያምረውን ያህል ላዛኛ ከላይ ሲነሳ ምንም አይደለም፤ ድርብርቡ የሚታየው ከጎን ነው። የሚጠበሰውና የሚጨሰው ነገር ካሜራው ዝግጁ ከሆነ በኋላ ይምጣ። እንፋሎት ከአንድ ሁለት ደቂቃ በላይ አይጠብቃችሁም፤ ዓሣውም ሲቆይ ቆዳው ይለሰልሳል። የሳህኑን ጠርዝ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርድር የለም፦ መጠኑ የምር የሚቀርበው ይሁን። ለፎቶ ተብሎ ሁለት ቁራጭ ዓሣ ተቀምጦ ደንበኛው አንድ ሲመጣለት፣ ስልኩን አውጥቶ ለአስተናጋጇ ያሳያታል። ያቺ ልጅ ምን ትበል?

7. ጽሑፉና ሰዓቱ

ለምግብ ፖስት የሚጻፈው አጭር ነው። «ጣዕሙ ልዩ የሆነ ምግባችንን መጥተው ይቅመሱ» የሚለው ለማንኛውም ቤት፣ ለማንኛውም ምግብ ይሆናል፤ ስለዚህ ለማንም አይሆንም። ከዚህ ይልቅ፦ «ጠዋት የገባ ዓሣ። ቆዳው እስኪንጣጣ በመጥበሻ፣ ሥሩ ካሮትና ፎሶሊያ። ዛሬ ከምሳ ጀምሮ አለ።» ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደተሠራ፣ መቼ እንዳለ። ፌስቡክም ኢንስታግራምም ረጅም ጽሑፍ ስለሚቆርጡ የምግቡ ስም መጀመሪያው መስመር ላይ ይሁን።

የቅናሹ ጽሑፍ ሌላ ነገር ነው። እሱ እንደ ውል ይነበባል። ምን እንደሚመረቅ፣ በየትኞቹ ቀናት፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ የመጨረሻው ቀን፣ ይዞ ለሚሄድ ይሠራ እንደሆን። አንዱ ከጎደለ ጠረጴዛ ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል። ሰውየው በሰባት ሰዓት ምሳ በልቶ «ኬኬስ?» ሲል፣ አስተናጋጇ ፖስቱን አይታው አታውቅም። ስለዚህ ቅናሹ ከመለቀቁ በፊት ለሠራተኛው ይነገር፤ ወረቀት ላይ ተጽፎም ካሸሯ ጋ ይለጠፍ። ጊዜው ሲያልፍ ፖስቱን አስተካክሉና መጀመሪያው መስመር ላይ «አብቅቷል» ብላችሁ ጻፉ። ከወር በኋላ ያንን ፖስት ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም።

ሰዓቱን በተመለከተ ብዙ አታጥኑ። ለምሳ የሚሆነውን ከምሳ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ፣ ለእራት የሚሆነውን ሰው ከሥራ ከመውጣቱ በፊት ልቀቁ። ሳምንቱን በአንድ ጊዜ ቀጠሮ ማስያዝ ይቻላል፤ ለፌስቡክና ኢንስታግራም ሜታ ቢዝነስ ስዊት አለ። ቴሌግራም ቻናል ካላችሁ ጽሑፉን ጽፋችሁ የመላኪያውን ምልክት ጫን ብላችሁ ያዙት፤ Schedule Message የሚል ይመጣል።

8. እሑድ ማታ ሩብ ሰዓት

በቀጠሮ የተያዘ ፖስት አደጋም አለው፦ ማንም ሳያየው ይወጣል። ዓሣ አቅራቢው ሳይመጣ ቀርቶ፣ ገጹ ግን በተቀጠረለት ሰዓት «ጠዋት የገባ ዓሣ» ብሎ ይለቃል። ለዚህ ነው በየሳምንቱ እሑድ ማታ ከሼፉ ጋር ቆም ብላችሁ የሚቀጥሉትን አራት ፖስቶች ማንበብ ያለባችሁ። ሩብ ሰዓት አይሞላም። የሌለ ነገር ካለ ቀኑን ከሌላ ጋር ትቀያይራላችሁ። ዕቃው በዕለቱ ለሚመጣ ምግብ ደግሞ ቀጠሮ አታስይዙ፤ ዕቃው ከገባ በኋላ በእጅ ልቀቁት።

ሁለት ሦስት መጠባበቂያ ፖስትም ይኑራችሁ። መቼም የማያልቅ ነገር ይሁን፤ ኬኩን፣ ቡናውን፣ መስኮት አጠገብ ያለችውን ጠረጴዛ። ዓሣው ሲቀር ገጹ ዝም አይልም።

9. ወሩ ሲያልቅ ሳህን ቁጠሩ

ሦስቱን ዓይነት በአንድ መለኪያ አትለኩ። የጓዳ ፖስት ሁሌም በላይክ ይበልጣል፤ የቅናሽ ፖስት 12 ላይክ አግኝቶ ቤቱን ሊሞላ ይችላል። ለጓዳው ማን አጋራው፣ ማን አስተያየት ጻፈ የሚለውን እዩ። ለምግቡ በኢንቦክስ «ዛሬ አለ?» ብሎ የጠየቀውን ሰውና የተሸጠውን ሳህን። ለቅናሹ ሳህን ብቻ።

ሲነጻጸር ማክሰኞ ከማክሰኞ ጋር ነው፤ ከሰኞ ጋር አይደለም። በምሳሌያችን ቤት ከዚህ በፊት የነበሩት አራት ማክሰኞ ማታዎች 18፣ 21፣ 17 እና 20 ዋና ምግብ ሸጠዋል እንበል። አማካዩ 19 ነው። ምርቃት በነበረባቸው ሁለት ማክሰኞዎች 27 እና 25 ተሸጠ፤ አማካዩ 26። ቀድሞ ከ19 ሳህን በ65 ሂሳብ 1,235 ይተርፍ ነበር። አሁን ከ26 ሳህን በ57 ሂሳብ 1,482 ተረፈ። በአንድ ማታ 247 ብልጫ አለው።

ያው 26 ሳህን በ20 በመቶ ቅናሽ ተሽጦ ቢሆንስ? 26 በ45፣ 1,170። ሰው በዝቶ፣ ወጥ ቤቱ ላቡን ጠርጎ፣ አስተናጋጇ እግሯ አብጦ፣ ቤቱ ከባዶው ማክሰኞ ያነሰ ይዞ ይገባ ነበር። ቅናሽ አውጥተው «ቤቱማ ሞልቶ ነበር፣ ገንዘቡ ግን የት ገባ?» የሚሉ ባለቤቶች ብዙ ጊዜ መልሳቸው እዚህ ስሌት ውስጥ ነው።

አራተኛውን ሳምንት ያለ ቅናሽ የተውነውም ለዚህ ነው። በዚያ ማክሰኞ 21 ከተሸጠ፣ ከመጡት ውስጥ ሁለቱ ያህል ያለ ኬክም ተመልሰዋል ማለት ይቻል ይሆናል። ወደ 19 ከወረደ ኬኩ ያመጣቸው ኬኩን ብለው ነው። ሁለት ማክሰኞ ግን ጥቂት ነው፤ ዝናብ፣ በዓል ወይም በአጠገብ የተካሄደ ዝግጅት ቁጥሩን ሊያዛባው ይችላል። ስለዚህ የዝናቡንም የበዓሉንም ነገር ከቁጥሩ ጎን ጻፉት፤ በሚቀጥለው ወር ምርቃቱን ወደ ረቡዕ ብቻ አዙሩትና ማክሰኞን እዩ።

ዓሣውንም አትርሱ። ሦስት ጊዜ ወጥቶ ሽያጩ ካልተነቃነቀ፣ አራተኛ ጊዜ ከመለጠፋችሁ በፊት ሜኑው ላይ የት እንደተጻፈ እዩ። ያኔ እኔ በያዝኩት ገጽ ይህንን ሳይ፣ ዓሣው የሜኑው የመጨረሻ ገጽ ላይ ከለስላሳው በላይ ተጽፎ ነበር። ወደ መጀመሪያው ገጽ ሲመጣ በዚያው ሳምንት መሸጥ ጀመረ።